ሰው ሲሞላ የሚቆራርጥ ድምፅ

«ይቆራርጣል ስልህ ይቆራርጣል ነው! ምን ሆነህ ነው እንደ ዳኛ የምትመረምረኝ?»

«ጋሼ፣ ቴፑ መቼ መቼ ነው የሚቆራርጠው ነው ያልሁህ።»

«ሁልጊዜ!»

«ሁልጊዜማ ከሆነ እዚህ ድረስ እየዘመረ እንዴት መጣ? በራችን ላይ ስታቆም ሰምቼዋለሁ እኮ፣ እንደ ውኃ ይፈስስ ነበር።»

«ባዶዬን ስለመጣሁ ነዋ! ሰው ስጭን ነው የሚያብደው!»

በመዳፉ የመስታወቱን መደርደሪያ መታው። ከሥር የተደረደሩት የቻርጀር ካርቶኖች ዘለሉ። የሱቁ ባለቤት ከወንበሯ ሳትነሣ፣ «ቀስ፤ ቴፑ ያንተ ነው፣ መስታወቱ ግን የኔ ነው» አለችው። አልሳቀም። ሌላ ቀን ቢሆን መልስ አያጣም ነበር።

ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፤ ጺሙን አልተላጨም። የአባቱ አርባ ገና አልወጣም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የመኪናውን ቴፕ አባቱ ከመሞታቸው በፊት ከዚሁ ሱቅ ሲገዛ የገጠምሁለት እኔ ነኝ። በዚያ ላይ የአገሬ ልጅ ነው፤ ከቡሬ ወደ ውስጥ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬደው ቀበሌ የአባቱንና የእኛን ቤት አንድ አጥር ነው የሚለያቸው። በዐሥር ዓመት ይበልጠኛል። ልጅ ሳለሁ በትከሻው ተሸክሞ ወንዝ አሻግሮኛል። ስለዚህ ጩኸቱን ዋጥሁት።

«ባዶዬን» ያላት ቃል ግን ጆሮዬ ላይ ቀረች። «ና፣ መኪናው ዘንድ እንሂድ» አልሁት።

ስልኩ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅሁት። ከኋላ ኪሱ አወጣና አሳየኝ። ተቀምጦበት ነበር ለካ የሚነዳው። ጋቢና ሁለት ሰው፣ በእነሱና በቴፑ መካከል ዘንቢል፣ ሲበዛ ደግሞ በሞተሩ ክዳን ላይ የሚቀመጥ ሦስተኛ ሰው። ብሉቱዝ ደካማ ሬዲዮ ነው፤ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ያንን ሬዲዮ ይጠጣዋል። መኪናው ባዶ ሲሆን ሞገዱ ከጣሪያው፣ ከመስኮቱ እየነጠረ ዞሮም ቢሆን ይደርሳል። ሲሞላ ግን በየት በኩል ይለፍ? ከማንኩሳ የገበያ ቀን ሲመለስ የሚያብደው ለዚህ ነው። ይህን ሁሉ ነገርሁትና ስልኩን ከመሪው አጠገብ፣ ቴፑ ሥር አስቀመጥሁት። ከዚያ ከመናኸሪያ በር ላይ የቆሙ ሰዎችን ለምነን አስገባን፤ ዐሥራ አንድ ሰው። አንዱ፣ «የት ነው የምትወስዱን?» ሲል፣ «የትም፤ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» አልሁት። «እንዲህ ያለ መንገድ ደስ ይለኛል፣ ኬላ የለው» አለ። ሰው ሳቀ። መዝሙሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዲት ቃል ሳይስት ወጣ።

ሹፌሩ ቴፑን አየው፣ እኔን አየኝ። ፊቱ ላይ የተስፋ ነገር ተከፈተ። አሁን ሳስበው፣ ያችን ፊት ባላየኋት ይሻለኝ ነበር።

«እሺ፣ ሌላው ደግሞ» አለ፤ ድምፁ ለስልሶ ነበር። «ባለቤቴ ድራማ ስታይ፣ በዚህ በአዲሱ ማዳመጫ፣ ሰውየው አፉን ከዘጋ በኋላ ነው የሚናገረው።»

ከባሕር ዳር የገዛውን ያለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ ከኪሱ አወጣ። በትንሽ ነጭ ሣጥን ውስጥ ሁለት ፍሬ። ሻጩ፣ «ይህ የተለየ ጥራት አለው፣ ያልተሰማ ነገር ያሰማል» ብሎታል። ወደ ሱቁ ተመለስን። መዘግየቱንም አስረዳሁት፤ ስልኩ ድምፁን ጨምቆ ያጥፈዋል፣ በአየር ይልከዋል፣ ማዳመጫው ደግሞ እንዳይቆራረጥበት ጥቂት አጠራቅሞ ነው የሚዘረጋው። ለዘፈን ብቻ ከሆነ መዘግየቱን ማንም አያውቀው፤ ምስል ሲኖር ግን ከንፈሩ ይቀድማል። ባለገመድ ሰክቼ አሳየሁት። ከንፈርና ቃል ገጠሙ።

«ኧረ አንተ ልጅ!» አለ። «ግጥም ብቻ መስሎኝ የምታውቀው።»

«ግጥሙን እንኳ አያውቅም» አለች የሱቁ ባለቤት። «ካርቶኔን ሁሉ ጽፎበት ጨረሰው።»

በዚህ ጊዜ ነው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንግዲህ ዋናው ቀርቷል» ያለው። «አንድ ድምፅ አለ። እሱ በቴፑም፣ በማዳመጫውም፣ በባለቤቴ ስልክም ይቆራርጣል። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ።»

እዚያው ቦታ ላይ። ብሉቱዝ ሲቆራርጥ ቦታ አይመርጥም፤ ዛሬ እዚህ ቃል ላይ ከዘለለ ነገ ሌላ ላይ ነው የሚዘልለው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚጠፋ ድምፅ ከማሰሚያው አይደለም የጠፋው፤ ሲቀረጽ ነው። የትኛውን ድምፅ እንደሚለኝም ሳይነግረኝ ዐወቅሁ። የቀረጽሁት እኔ ነበርሁ።

ሹፌሩና አባቱ ለአራት ዓመት አልተነጋገሩም። ጠቡ በባሕር ዛፍ ነው የተነሣው፤ አባት ሳያውቁ ልጅ ቆርጦ ሸጠ። ሲነጋገሩ ነገሩ ከረረ፣ ልጅ አባቱን ገፋቸው፣ ሽማግሌው ከገዛ ደጃቸው ላይ ወደቁ። እኛ አጥሩን ተደግፈን አየን። ተነሥተው አቧራቸውን እንኳ ሳያራግፉ፣ «ዘርህ አይቁም» አሉት። ያን ቀን ከአገር ወጣ። ሚስት አገባ፤ ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለት ጊዜ ወረደባት። ሽማግሌ ላከ፣ አልተቀበሉም። ደግሞ ላከ፤ የንስሐ አባታቸውን ጭምር ላከ፤ «ቃል ከአፍ ከወጣ የት አገኛታለሁ?» ብለው መለሷቸው። አሁን ሚስቱ ሦስተኛውን አርግዛ አምስተኛ ወሯ ነበር።

ሽማግሌው ሲታመሙ እኔ አገር ቤት ነበርሁ። መንገድ የተዘጋበት ሳምንት ነው፤ ሱቁም ተዘግቶ፣ እኔም ከከተማ በእግሬ ሸሽቼ። ልጃቸው በባሕር ዳር በኩል ቀርቶ ማለፍ አልቻለም። ስልክ አይሠራም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌው አስጠሩኝ። «በዚያ ባንተ ዕቃ ቃሌን ያዝልኝ» አሉ። «ለሱ ነው። ለሱ ብቻ።»

ስልኬ ሊሞት ደርሶ ነበር። መብራት በሌለበት አገር ስልክ የሚሞላው ጣሪያ ላይ በተሰቀለው የፀሐይ ሰሌዳ ነው፤ የሰሌዳው ሽቦ ደግሞ ከውጭኛው ግድግዳ አልፎ አልጋቸው ድረስ አይደርስም። ሌላ ሰው ቢሆን እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ወይም ነቅሎ ይሮጣል፣ የደረሰበት ይድረስ ይላል። እኔ ግን ዘዴ ዐውቄ ነበር። ያለ ገመድ የሚሠራው የጆሮ ማዳመጫዬ ማይክ አለው። ስልኩን እንደተሰካ ከውጭ ግድግዳው ላይ ተውሁት፤ ከማዳመጫው አንዷን ፍሬ ጋቢያቸው ላይ፣ ከአፋቸው ሥር አስቀመጥሁ። ድምፃቸው ደክሟልና ማይኩ በቀረበ ቁጥር ይሻላል ብዬ ነው። በዚህ ኮራሁ።

ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ነበር። ታማሚ ከከፋ የአገሩ ሰው ሁሉ ይመጣል፣ በዙሪያው ይቀመጣል። ሽማግሌው እጃቸውን አነሡና፣ «ውጡልኝ፣ ሁላችሁም» አሉ። ሁላችንም ወጣን። የወጣ ሰው የት ይሄዳል? ጥላው ያለው በዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ፣ በስልኩና በሽማግሌው መካከል ቆመ። እኔ ስልኩ አጠገብ ሆኜ የደቂቃውን ቁጥር እያየሁ፣ እየቀረጸ ነው ብዬ ተረጋጋሁ። ስጨርስ አልከፈትሁትም፤ «ለሱ ብቻ» ተብያለሁ። በነጋታው ማታ አረፉ። ልጃቸው ከቀብር በኋላ ሲደርስ ድምፁን በሚሞሪ ሰጠሁት። እጄን ስሞኛል።

የሱቁ ባለቤት ይህን ሁሉ አታውቅም። የባጃጅ ጩኸት እንዳይረብሸን ብላ ተነሥታ የቆርቆሮውን በር አንዱን ክንፍ ገፍታ ዘጋችው። ሹፌሩ ድምፁን ከፈተው።

«ልጄ።» አለ ስልኩ። የሱቁ ባለቤት ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ራሷን ሸፈነች። ድምፃቸው በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚናገር ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ጠርዙ የተላጨ። «ልጄ፣ ድምፄን ከሰማኸው እሰየው። በዚያ ቀን ደጄ ላይ የተናገርኋትን ቃል...» እዚህ ላይ ተንገዳገደ። አንድ ፊደል፣ ዝምታ፣ ግማሽ ፊደል፣ ዝምታ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ሰፊና ጥርት ያለ ድምፅ ገባ፤ ዶሮ፣ ሳል፣ የሰው ጉምጉምታ። በመካከሉም አንድ ጎረምሳ ከሁሉ በላይ ያወራል፦ «ግድግዳ አያግደውም እኮ! ገመድ የለው ምን የለው። እናንተ ሥላሴ ደጅ ብትሆኑ እንኳ...» ሌላ ሰው፣ «አንተ መቼም አታፍርም» ይለዋል፤ ሳቅ ይሆናል። ሳቁ ሳያልቅ ሽማግሌው ይመለሳሉ፦ «...በእግዚአብሔር ፊት። ይኸው ነው። ውኃ ስጡኝ።»

አለቀ።

ጎረምሳው እኔ ነበርሁ። እሱም ዐውቆታል፤ እያየኝ ነበር።

«ስለ ሳቁ ግድ የለኝም» አለ። «ያኔ አልተቆጣሁም፣ አሁንም አልቆጣም። አንተ ቀልደኛ ነህ፣ ዐውቅሃለሁ። እኔ የምፈልገው ያንተን ድምፅ ከላይ ገፍፈህ የሱን ከሥር እንድታወጣልኝ ነው። ከሥር አለ አይደል? ቃሉን አላቋረጠማ፤ አባቴ ነገር ጀምሮ አያቋርጥም። ያ የባሕር ዳሩ ልጅ ያልተሰማ ያሰማል ብሎ ይህን ሸጠልኝ። በዚህም አልወጣ አለ። ቴፑን ደግሞ አንተ ነህ የገጠምህልኝ፣ ቀይረው።»

ለካ ወር ሙሉ ከዕቃ ዕቃ የዞረው ለዚህ ነው። እኔም ወዲያው እውነቱን አልነገርሁትም። ስልኩን ተቀበልሁና በተደበቀው ማስተካከያ ገባሁ፤ ስልኩ ድምፁን የሚያጥፍበት ዘዴ፣ ኮዴክ የሚባለው፣ እዚያ ይቀየራል። ከተራው ወደ ተሻለው አዛወርሁት። በማዳመጫው አስቀድሜ መዝሙር አሰማሁት፤ ጸናጽሉ ጠራ፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ የአባቱን ከፈትሁ። ያው ቆርቆሮ። ያው ዝምታ። ያው ሳቅ።

«ለምን መዝሙሩ ተለወጠ፣ እሱ አልተለወጠም?»

«መዝሙሩ ውስጥ ድምፁ አለ፤ የተሻለው ዘዴ ከዚያ ያነሰ ነው የሚጥለው። ይኼ ግን... ማዳመጫ ማይኩ ሲከፈት ለስልክ ንግግር ወደሚሆነው ጠባብ መንገድ ይገባል። ቅጥነቱ ከዚያ ነው። ሲቀረጽ ያልገባ፣ ሲሰማ አይወጣም።»

«ቅጥነቱን ተወው። ከሥር ያለውን ነው የምጠይቅህ።»

«ጋሼ፣ ከሥር የለም።»

«እንዴት የለም?»

«ስልኩ በአንድ ጊዜ ባንድ ጆሮ ነው የሚሰማው። ሰው ግድግዳው ሥር ሲቆም ከውስጥ ያለው ማይክ ራቀበት፤ መጀመሪያ ተቆራረጠ፣ ከዚያ ጠፋው። ሲጠፋው በራሱ ማይክ መስማት ጀመረ፣ ከውጭ ያለነውን። ሰው ዘወር ሲል ደግሞ ወደ ውስጥ ተመለሰ። አባባ እየተናገሩ ነበር፤ የትም ግን አልተያዘም። የኔ ድምፅ ላያቸው ላይ አይደለም ያለው። የሳቸው ቃል መሆን በነበረበት ቦታ ነው ያለው።»

ከውጭ የመናኸሪያው ልጅ «ቡሬ! ቡሬ!» ይላል።

«መኪናዬ ላይ ያልኸኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሰው ሲሞላ ያልኸኝ።»

«እሱው ነው።»

«ያን ጊዜ ታውቅ ነበር? ሰው እንደሚያግደው?»

ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ ለራሴ እመልሳለሁ። ዐውቅ ነበር። ለደንበኛ ስንት ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ያን ቀን ግን ግድግዳውን ነበር ያየሁት፤ ሰውን ግድግዳ ብዬ አልቆጠርሁም። ሁሉም እያየኝ ነበር፤ ከአገሩ ልጅ ሁሉ እኔ ነበርሁ ዕቃ ዐዋቂው።

«ዐውቅ ነበር» አልሁ።

የሱቁ ባለቤት፣ «ወይ ጉድ» አለች በለሆሳስ።

«ማንም አልሰማም? አንድ ሰው፣ በመስኮት በኩል?»

«መስኮቱ በዚያ በኩል አይደለም። ሁላችንም ስናወራ ነበር።»

«አንተስ? ለግድግዳው አንተ ነህ የቀረብኸው።»

ያኔ ነው ያልሆነ ነገር ያደረግሁት። የሚስቱ ሆድ ዐይኔ ላይ መጣ። አንዲት ቃል ብቻ ነው የሚጎድለው፤ ቃል ደግሞ የኔ ሥራ ነው ብዬ የማስብ ሰው ነኝ። የሽማግሌውን አነጋገር ዐውቀዋለሁ፣ ዐረፍተ ነገሩን ልጨርስላቸው እችላለሁ። «አንሥቻታለሁ በእግዚአብሔር ፊት» ቢባል እንዴት አድርጎ ይገጥማል።

«ጋሼ፣ እኔ... የመረቁህ ይመስለኛል። አንሥቻታለሁ ያሉ ይመስለኛል።»

«ሰምተሃል?»

ባለገመዱን ማዳመጫ መጠቅለል ጀመርሁ።

«ሰምተህ እንደሆነ ሰማሁ በለኝ። ካልሰማህ አልሰማሁም በል። ሰማሁ ካልህ አምንሃለሁ፤ ዛሬውኑ ሄጄ ለባለቤቴ እነግራታለሁ።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። ዐይኑ እንደሚለምን ሰው ነበር። ውሸቱን እየለመነኝ እንደሆነ ገብቶኛል። «በል እንጂ።»

አፌን ከፈትሁ። ከዚያ ሽማግሌው በአቧራቸው እንደቆሙ ታዩኝ። ያችኑ ቃል አጽንቻታለሁ ብለውስ ቢሆን? «አጽንቻታለሁ በእግዚአብሔር ፊት» ቢባልም ይገጥማል። እንዲያውም ለሳቸው የሚቀርበው እሱ ነው። በሳቸው አፍ ላይ የገዛ ቃሌን ልጨምር ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

«አልሰማሁም» አልሁ።

ቀና አለ። እንዲመታኝ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«አራት ዓመት» አለ፤ ለኔ የተናገረው አይመስልም ነበር። «ሊያናግረኝ አፉን የከፈተው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።»

ስልኩን ከእጄ ላይ ወሰደ። ማዳመጫዎቹን አንድ በአንድ ከጆሮው አውጥቶ በነጭ ሣጥናቸው ውስጥ አስቀመጠ፣ ክዳኑን ጠቅ አድርጎ ዘጋና ሣጥኑን የመስታወቱ መደርደሪያ ላይ ተወው። የሱቁ ባለቤት፣ «ዕቃህን ረሳህ እኮ፣ ወንድሜ» አለችው።

«አልረሳሁትም።»

«ቆይ፣ ውኃ እንኳ ጠጣ።»

«ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ።

ጋሼ አልሁት። ሁለተኛም ጠራሁት። ዞር ብሎ አላየኝም። ከፊሉ በተዘጋው በር መካከል ጎኑን አዙሮ ወጣ፤ ከውጭ ሆኖ የቀረውን ክንፍ ጎተተው፣ ቆርቆሮው ከቆርቆሮው ጋር ገጠመ፣ ሱቁም ጨለመ።